ለጋሹ ሲወጣ ማን ይከፍላል? ለፕሮፖዛሉ የዘላቂነት ክፍል ከፋይ መምረጫ

የብዙ ፕሮፖዛል የዘላቂነት ክፍል የሚጻፈው በመጨረሻው ሌሊት ነው። በጀቱ አልቋል፣ የሥራ ዕቅዱ ተያይዟል፣ ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ነው፣ የቀረው አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ላይ «ማኅበረሰቡ ፕሮጀክቱን ይረከባል፤ ድርጅታችንም ሌሎች የገንዘብ ምንጮችን ያፈላልጋል» ተብሎ ይጻፍና ይላካል። እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲህ ጽፌያለሁ። በኋላ የሌሎችን ፕሮፖዛል ለመገምገም ስቀመጥ ግን ያው ዓረፍተ ነገር በየሰነዱ ይመጣ ጀመር። ገምጋሚ ያን ሲያነብ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ሰዎቹ ገና አላሰቡበትም።

ገምጋሚው የሚፈልገው ቀላል ነው። የለጋሹ ገንዘብ ባለቀ በማግስቱ የትኛው ሥራ ይቀጥላል? በዓመት ስንት ያስወጣል? ማን ይከፍላል? ያ ከፋይ እሺ ማለቱን በምን እናውቃለን? እነዚህን አራቱን የመለሰ ግማሽ ገጽ፣ ስለ ባለቤትነት ስሜት ከተጻፈ ሦስት ገጽ ይበልጣል።

ዘላቂነት ሰፊ ቃል ነው፤ የተቋም አቅምም የአካባቢ ጥበቃም ይገባበታል። እኔ እዚህ የማወራው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው፤ ከፋይ ሊሆኑ የሚችሉትን ጎን ለጎን አስቀምጠን የትኛውን ለየትኛው ወጪ እንደምንመርጥ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

መጀመሪያ ቁጥሩን አሳንሱት

አንድ ድርጅት በ12 ትምህርት ቤቶች ማንበብ የከበዳቸውን ልጆች ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚያግዝ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት አለው እንበል። 24 አስጠኚዎች አሉ፣ ልጆቹ 960 ናቸው። የሦስተኛውን ዓመት ወጪ 100 እንበለው፤ በማንኛውም ገንዘብ ልትቀይሩት ትችላላችሁ። ከዚያ ውስጥ 45 ለአስጠኚዎች ክፍያ ይሄዳል፣ 15 ለአስተባባሪው ደመወዝ፣ 12 ለመኪናና ለነዳጅ፣ 10 ለሥልጠና፣ 8 ለመጻሕፍት፣ 6 ለለጋሹ ሪፖርትና ለግምገማ፣ 4 ለቢሮ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100 የሚከፍል ሰው ፍለጋ ይወጣል። ግን ለጋሹ ከወጣ በኋላ ሥራው 100 አያስወጣም፣ ማስወጣትም የለበትም። ለለጋሹ የሚጻፈው ሪፖርት ከለጋሹ ጋር ይሄዳል፤ 6 ወደ 0 ወረደ። መኪናው ተመልሶ ክትትሉ በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ 12 የነበረው 3 ይበቃዋል። ሥልጠናውም ከዜሮ መጀመሩ ቀርቶ የተተኩትን አዳዲስ አስጠኚዎች ማሠልጠን ብቻ ይሆናል፣ 4 እንበል። የአስተባባሪው የሙሉ ጊዜ ሥራ ወደ ጥቂት ቀናት ክትትል ይቀንሳል፣ 5። መጻሕፍቱ ተገዝተዋል፤ በየዓመቱ የሚፈለገው የተቀደደውንና የጠፋውን መተካት ነው፣ 5። ቢሮ 2። የአስጠኚዎቹ ክፍያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለትርፍ ሰዓት በሚከፍለው ልክ ከሆነ 45 የነበረው 36 ይሆናል። ድምሩ 55።

ከ100 ወደ 55 መውረዱ የሒሳብ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ቅነሳ ፕሮጀክቱ ሲነደፍ የሚወሰን ነገር አለው። የአስጠኚዎቹን ክፍያ ተመልከቱ። በፕሮጀክቱ ዘመን ከመንግሥት ተመን በላይ ከከፈላችሁ፣ በአራተኛው ዓመት ሰውየውን በ36 አታገኙትም፤ ክፍያው ሲወርድ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደፊት የሚረከበው አካል በሚከፍለው ተመን ክፈሉ። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ በወራት ውስጥ ሥራው ሲበተን ካየሁባቸው ምክንያቶች ዋናው ይሄ ነው፤ ማንም በክፋት አልሠራውም፣ ሁሉም ጥሩ ሰው በጥሩ ክፍያ መቅጠር ነው የፈለገው።

አሁን የሚፈለገው 55 ነው። ከፋዮቹን እንያቸው።

የመንግሥት በጀት

ለትልቁና በየወሩ ለሚደጋገመው ወጪ፣ በተለይ ለሰው ክፍያ፣ ከዚህ የተሻለ ከፋይ አላውቅም። ግን ይህን አማራጭ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በእጃቸው ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። «ፕሮጀክቱ ጠቃሚ ስለሆነ አስፈላጊውን ትብብር እናደርጋለን» ይላል፣ ማኅተም አለው፣ ያምራል። ገንዘብ ግን የለውም። ገንዘብ ያለው ደብዳቤ ሲነበብ ወዲያው ይለያል፦ የበጀት ዓመቱን ይጠቅሳል፣ መጠኑን ይጠቅሳል፣ ወጪው በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያዝ ይናገራል፣ የፈረመውም በጀት የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ከአራቱ ሁለቱ ከጎደሉ ያንን ገንዘብ ገና የሌለ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ሌላው ጊዜ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚጠይቀው ዓመቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ነው። ፕሮጀክታችሁ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ የሚያልቅ ከሆነ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሙሉ ፈቃደኛ ሆኖ እንኳ ለቀሪዎቹ ወራት የሚከፍልበት መንገድ ላይኖረው ይችላል፣ ምክንያቱም ያ ወጪ በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ አልገባም። አስጠኚ ስድስት ወር ያለ ክፍያ አይጠብቅም። ስለዚህ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጻፉት። በአራተኛው ዓመት ጽሕፈት ቤቱ እንዲከፍል ከፈለጋችሁ ጥያቄው በሦስተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ በበጀት ረቂቁ ውስጥ መግባት አለበት። ለዚያ ደግሞ ኃላፊዎቹ በሁለተኛው ዓመት ውጤቱን አይተው፣ ወጪውን አውቀው መሆን አለባቸው። ይህን በወር የተጻፈ አድርጋችሁ ስታሳዩ ገምጋሚው የመንግሥትን አሠራር እንደምታውቁ ይረዳል።

አዲስ የሥራ መደብ ማስፈቀድ እና በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጨመር እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ብዙ ፊርማ ይፈልጋል፣ ዓመታት ሊወስድም ይችላል። በምሳሌያችን 24 አዲስ ቅጥር ከመጠየቅ በትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን አስጠኚ ሆነው የትርፍ ሰዓት ቢከፈላቸው ይሻላል። እንዲህ ከሆነ 36ቱን የአስጠኚ ክፍያና 4ቱን የሥልጠና ወጪ ጽሕፈት ቤቱ ላይ መጣል ይቻላል፤ የመምህራን ሥልጠና መደበኛ ሥራው ነውና። 40 ተሸፈነ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ኃላፊ ይቀየራል፣ በጀት ይቆረጣል። በጀት ሲቆረጥ ደግሞ ደመወዝ ቀድሞ አይነካም፤ መጀመሪያ የሚነኩት እንደ ትርፍ ሰዓት ያሉ ተጨማሪ ክፍያዎች ናቸው። ይህን ስጋት አትደብቁት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ቢከሰት የትኞቹ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ እንደሚያገኙ ተናገሩ።

ተጠቃሚው ራሱ ቢከፍልስ?

ይህ በወረቀት ላይ በጣም የሚያምር አማራጭ ነው፤ ሒሳቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል። 20 ከወላጆች እንሰበስባለን ተብሎ 20 ለልጆቹ ቁጥር ይካፈልና የወር መዋጮ ይወጣል። እውነታው ሌላ ነው። ከቤተሰቦቹ አንድ አምስተኛው መክፈል የማይችሉ ናቸው እንበል፤ ነጻ ካላደረጋችኋቸው ትተው የሚወጡት ፕሮጀክቱ የተሠራላቸው ልጆች ናቸው። ከቀሩት ውስጥ በየወሩ የሚከፍለው 70 በመቶ ነው እንበል። 0.8 በ0.7 ሲባዛ 0.56 ነው። ስለዚህ 20 የተባለው መዋጮ እጃችሁ የሚገባው 11 ገደማ ሆኖ ነው። በእርግጥ 20 ከፈለጋችሁ ተመኑን በ36 ልክ ማውጣት አለባችሁ፤ ያኔ ደግሞ ተመኑ ከፍ ስለሚል የማይከፍለው ይበዛል። እነዚህን መቶኛዎች ከእኔ አትውሰዱ። በሁለተኛው ዓመት በሁለት ትምህርት ቤት ትንሽ መዋጮ ሞክሩና የራሳችሁን ቁጥር አምጡ፤ ከሙከራ የመጣ 50 በመቶ ከምኞት ከመጣ 95 በመቶ በጣም የተሻለ ማስረጃ ነው።

ክፍያ የተጠቃሚውን ቁጥር ምን ያህል እንደሚጎዳም አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በኬንያ ትምህርት ቤቶች የሆድ ትል መድኃኒት በነጻ መሰጠቱ ቀርቶ ትንሽ ክፍያ ሲጠየቅበት የሚወስደው ሰው በ80 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ክፍያው ትንሽ ነበር፣ ጉዳቱ ግን ትልቅ። ከዚህ የምወስደው መለያ ይሄ ነው፦ ጥቅሙ ለከፋዩ ወዲያው የሚታየው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ቤት ድረስ በሚመጣ ውሃ ላይ፣ ክፍያ ሊሠራ ይችላል። ጥቅሙ የሚዘገይ ወይም ለጎረቤትም የሚተርፍ ነገር ላይ፣ እንደ መከላከያ ሕክምና፣ ክፍያ ሰውን ያባርራል። የማንበብ እገዛ መሃል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ወላጆች ላይ የምጭነው ትንሽና የሚታይ ነገር ነው፤ 5ቱን የመጻሕፍት ወጪ እና 3 ከክትትሉ፣ በድምሩ 8። 8 እጅ እንዲገባ ደግሞ ተመኑ የሚወጣው በ14 ልክ ነው።

በውሃ ተቋማት ላይ የሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያውቃል። መዋጮ ሲሰበሰብ ገንዘቡ የሚበቃው ለትንንሹ ጥገና ነው፤ ፓምፑ ራሱ ሲሞት ግን ምትክ የሚገዛ ሰው አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ 20 ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችን የሸፈነ ግምት ከእጅ ፓምፖች 36 በመቶ ያህሉ የማይሠሩ እንደነበሩ አስቀምጧል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፣ ግን ለምትክ ገንዘብ አለማስቀመጥ አንዱ ነው። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ዕድሜ ያለው ዕቃ ካለ ዋጋውን ለዕድሜው አካፍሉና በየዓመቱ እንደ ወጪ ጻፉት። አሥር ዓመት የሚኖር ፓምፕ በየዓመቱ የዋጋውን አንድ አሥረኛ ያስወጣል፤ ባይታይም ያስወጣል።

ገቢ ማስገኛ ሥራ

ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የስብሰባ አዳራሽ ኪራይ፣ የሥልጠና አገልግሎት መሸጥ። ለጋሾች ሐሳቡን ይወዱታል፣ እኔ ግን በጣም እጠነቀቃለሁ። ዋናው ስህተት ሽያጭን እንደ ገቢ መጻፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በዓመት 30 ይሸጣል እንበል። ወረቀት፣ ቀለም፣ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የማሽኑ እርጅና 26 ከወሰደ ለፕሮጀክቱ የሚተርፈው 4 ነው። በፕሮፖዛሉ ላይ ግን 30 ተጽፎ አይቻለሁ፣ ያውም በስሌት ሰንጠረዥ።

የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ሊሆን ይችላል። መነሻ ካፒታሉም ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከዚሁ ለጋሽ ከሆነ በጀቱ ውስጥ ይታይ። በብዙ አገር ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለመነገድ የተለየ ፈቃድና የተለየ የግብር አያያዝ ስለሚያስፈልገው ያንን ቀድማችሁ አጣሩ። ከሁሉ በላይ ግን ማን ነው የሚያስተዳድረው? የፕሮግራም ሰው ነጋዴ ላይሆን ይችላል። ሥራው ቀድሞ ተጀምሮ ቢያንስ አንድ ዓመት ትርፍ ካሳየ ጻፉት። ገና ሐሳብ ከሆነ ከዘላቂነት ሒሳብ ውስጥ አውጡት፤ በኋላ ቢሳካ የሚጎዳው ሰው የለም።

በምሳሌያችን ይህን አማራጭ ዘልዬዋለሁ። ድርጅቱ ግን በየዓመቱ በቋሚነት የሚያዋጡ አባላት አሉት እንበል። ካለፉት ሦስት ዓመታት መዝገብ የሚታይ፣ ለማንም ያልተመደበ 3 ከዚያ ይመጣል። ትንሽ ነው፣ ግን እርግጠኛ ነው።

ሌላ ለጋሽ

ይህ አማራጭ ኃጢአት አይደለም። ብቻውን ሲቆም ግን መልስ አይደለም፤ ጥያቄውን ለሦስት ዓመት ማስተላለፍ ነው። አዲስ ለጋሽ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር መጀመር ይፈልጋል፣ የሌላውን ነባር ደመወዝ መክፈል ብዙም አይስበውም። ደግሞም ለጋሾች አንድ ላይ ሊጠፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት ሲያቆም በውል ላይ የነበሩ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ ሥራ አቁሙ ተብለዋል። «ሌላ ለጋሽ አለን» ያሉ ድርጅቶች ሌላኛው ለጋሻቸው ገንዘቡን የሚያገኘው ከዚያው ቋት መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

ከጻፋችሁት በዕድል መዝኑት። 30 የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገብታችኋል፤ እስከ ዛሬ ካስገባችኋቸው አምስት ማመልከቻዎች አንዱ ነው የተሳካው። ሒሳብ ላይ የምታስቀምጡት 6 ነው። ይህን አማራጭ የምመርጠው አንዴ ተከፍሎ ለሚያልቅ ወጪ ነው፤ አዲስ የመጻሕፍት ስብስብ ማዘጋጀት፣ ወደ ሌላ አካባቢ ማስፋት። ለአስጠኚ ክፍያ አይሆንም።

ማቆም

ብዙ ሰው ይህን ለመጻፍ ይፈራል፣ ውድቀትን ማመን ስለሚመስለው። ግን የመጀመሪያው ጥናት፣ የማስጠኛ መመሪያው ዝግጅት፣ የመጀመሪያው ዙር ሥልጠና፣ እነዚህ ሥራቸውን ጨርሰው የሚያበቁ ናቸው። «ይህ ተግባር በ30ኛው ወር ይጠናቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ወጪ የለውም» ብሎ መጻፍ የቀረውን የበለጠ ተአማኒ ያደርገዋል። መቀነስም አለ። በምሳሌያችን እስካሁን 40 ከጽሕፈት ቤቱ፣ 8 ከወላጆች፣ 3 ከአባላት አገኘን፤ 51። የሚፈለገው 55 ነበር፣ 4 ጎደለ። ይህችን 4 «ሌሎች ምንጮች» በሚል መስመር መሸፈን ይቻል ነበር፤ ሰዉም የሚያደርገው ያንን ነው። እኔ ግን ክትትሉን እቀንሳለሁ። አስተባባሪው በየወሩ ይሄድ የነበረውን በየመንፈቀ ዓመቱ ሁለት ጊዜ ቢሄድ የክትትልና የትራንስፖርት ወጪው ከ8 ወደ 4 ይወርዳል። ጥራቱ ትንሽ ሊጎዳ እንደሚችልም እጽፋለሁ፣ ርዕሰ መምህራኑ በየወሩ የንባብ መመዘኛውን እየሞሉ እንዲልኩ ማድረግም ጉዳቱን ያለዝበዋል።

እንግዲህ የትኛውን ለየትኛው?

ወጪዎቹን አንድ በአንድ ያዙና መጀመሪያ «ይህ ባይኖር ውጤቱ ይጠፋል ወይ?» በሉ። ካልጠፋ አቁሙት። ከጠፋ ወጪው በየወሩ የሚደጋገም ነው ወይስ አንዴ ብቻ? የሚደጋገም የሰው ክፍያ ወደ መንግሥት ወይም ሥራው መደበኛ ተግባሩ ወደሆነ ተቋም ይሂድ። ትንሽ፣ የሚታይና ሰው ለራሱ የሚፈልገው ነገር ወደ ተጠቃሚው። አንዴ የሚያልቅ ነገር ወደ ሌላ ለጋሽ። የድርጅቱን የራሱን ገንዘብ ማንም የማይከፍለው ነገር ላይ አስቀምጡት፤ ክትትል ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። አንድ ከፋይ ከጠቅላላው ከሦስት አራተኛ በላይ ከያዘ፣ በእኛ ምሳሌ ጽሕፈት ቤቱ ከ51 ውስጥ 40 ይዟል፣ እሱ ቢቀር ምን እንደሚሆን የግድ ጻፉ። በእኛው ጉዳይ መልሱ፦ በጀቱ በግማሽ ቢቆረጥ ሥራው በስድስቱ ደካማ ውጤት ባላቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ይቀጥላል።

ሽግግሩንም በአንድ ቀን አታድርጉት። የለጋሹ ድርሻ በፕሮጀክቱ ዘመን ውስጥ ይቀንስ። ጋቪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ይህንን በአገር ደረጃ ያደርገዋል፤ በጣም ድሆቹ አገሮች ለአንድ የክትባት ዶዝ 0.20 ዶላር ከራሳቸው ያዋጣሉ፣ ገቢያቸው ሲያድግ ድርሻቸው ከፍ እያለ ይሄዳል። ትንሿ መዋጮ ወጪውን አትሸፍንም፣ ግን በጀት ውስጥ መስመር ትከፍታለች። በእኛ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ በሁለተኛው ዓመት 5 ብቻ፣ በሦስተኛው 15 ቢከፍል በአራተኛው 40 መክፈል የሚችል መሆን አለመሆኑ ለጋሹ ከመውጣቱ በፊት ይታወቃል። 15ቱ በጊዜው ካልተከፈለ 40ው አይከፈልም፤ ገና ጊዜ እያለም ዕቅዱን ትቀይራላችሁ።

በሰነዱ ላይ ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል፦

«ከፕሮጀክቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ተግባራቱ የሦስተኛውን ዓመት ወጪ 51 በመቶ ይጠይቃሉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የአስጠኚ መምህራንን የትርፍ ሰዓት ክፍያና ዓመታዊ ሥልጠናውን (40) በበጀት ጥያቄው ያካትታል፤ መጠኑንና የበጀት ርዕሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ተያይዟል። ጽሕፈት ቤቱ በሁለተኛው ዓመት 5፣ በሦስተኛው 15 በመክፈል ይጀምራል። ወላጆች መጻሕፍት መተካቱንና የክትትሉን ከፊል ወጪ (8) ይሸፍናሉ፤ ስሌቱ አንድ አምስተኛው ቤተሰብ ነጻ ሆኖ ከቀሪው 70 በመቶ ይከፍላል በሚል ግምት ነው፣ ግምቱም በሁለተኛው ዓመት በሁለት ትምህርት ቤቶች ይፈተናል። ቀሪውን 3 ድርጅቱ ከአባላት መዋጮ ይከፍላል። የተሽከርካሪ፣ የሪፖርትና የመነሻ ሥልጠና ወጪዎች ከፕሮጀክቱ ጋር ያበቃሉ። ጽሕፈት ቤቱ በሦስተኛው ዓመት 15ቱን ካልከፈለ ሥራው ወደ ስድስት ትምህርት ቤቶች ይጠባል።»

ይህ አንቀጽ በመጨረሻው ሌሊት አይጻፍም። ደብዳቤው ብቻውን ሳምንታት ይወስዳል፤ የጽሕፈት ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ ቁጥሩን አይቶ «ይህን ርዕስ አንጠቀምም፣ በዚያኛው ይሁን» ሊላችሁ ይችላል፣ ያም ትልቅ እገዛ ነው። እሱን ሰው በጀቱን ከመሥራታችሁ በፊት አግኙት።